ሜጋው በዝቶ ስብሰባው ለምን ይቆራረጣል?

ቢሮ ውስጥ የቪዲዮ ስብሰባ መቆራረጥ ሲጀምር መጀመሪያ የሚነሳው ሐሳብ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ፓኬጁን እናሳድገው» ይባላል። 20 ሜጋ የነበረው 50 ይሆናል፣ የወሩ ክፍያ ይጨምራል፣ ብዙ ሳይቆይ ግን ያው ድምፅ እንደገና ይቆራረጣል። ሥራዬ የቢሮ ኔትወርክ መዘርጋትና መጠገን ስለሆነ ይህ ሲሆን ደጋግሜ አያለሁ። የሚያሳዝነኝ ገንዘቡ የሚወጣው ማንም ምንም ሳይለካ መሆኑ ነው። መለኪያው በእጃችሁ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ ዋጋ የለውም፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የኢንተርኔት መስመር ሁለት ነገር ይለካበታል። ባንድዊድዝ በአንድ ሰከንድ ምን ያህል ዳታ በመስመሩ ማለፍ እንደሚችል ይነግረናል። «20 ሜጋ» ስንል በሰከንድ 20 ሜጋቢት ማለታችን ነው፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ይህ በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ይሆናል። ሌተንሲ ደግሞ አንድ ትንሽ መልእክት ከኮምፒውተርዎ ተነስቶ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው፤ አንድ ሺህ ሚሊሰከንድ አንድ ሰከንድ ነው። ውል ስንፈርም የምናየው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው። ሁለተኛውን ማንም አይጽፍልንም፤ ስብሰባችንን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ልዩነቱ በአንድ ድረ ገጽ አከፋፈት ላይ በደንብ ይታያል። ገጹ አውሮፓ ባለ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል እንበል፤ የደርሶ መልስ ጊዜው 150 ሚሊሰከንድ ነው፤ የገጹ መጠን 200 ኪሎባይት ነው። ብራውዘሩ መጀመሪያ ከሰርቨሩ ጋር መስመር ይከፍታል፤ አንድ ደርሶ መልስ ሄደ። ከዚያ ግንኙነቱ በምስጢር ቁልፍ ይቆለፋል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ገጹን ጠይቆ የመጀመሪያውን ቁራጭ መቀበል ነው። ሰርቨሩ ደግሞ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አይለቅም። መጀመሪያ 14 ኪሎባይት ገደማ ይልካል፣ መድረሱን የሚነግረው ደረሰኝ ሲመጣለት እጥፍ አድርጎ 28 ይልካል፣ ከዚያ 56፣ ከዚያ 112። 200 ኪሎባይቱ ተጠቃልሎ እስኪገባ ስድስት ደርሶ መልስ ሆኗል፤ 900 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ያው 200 ኪሎባይት በ20 ሜጋ መስመር ላይ በቀጥታ ቢፈስስ የሚፈጀው 80 ሚሊሰከንድ ብቻ ነበር። 100 ሜጋ ቢገዙ 80ው 16 ይሆናል። ስለዚህ ክፍያው ጨምሮም ከአንድ ሰከንድ በማይርቀው ጥበቃ ላይ የሚያተርፉት ከ64 ሚሊሰከንድ አይበልጥም፤ ዓይን አይለየውም። የጎግል መሐንዲስ የነበረው ማይክ ቤልሺ በ2010 ይህንኑ ለክቶ አሳይቷል። መስመሩን ከ5 ሜጋ ወደ 10 ማሳደግ የገጾችን አከፋፈት ያፈጠነው በ5 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ የደርሶ መልሱ ጊዜ ባጠረ ቁጥር ግን ገጹ ያለማቋረጥ እየፈጠነ ሄዷል።

ይህ የደርሶ መልስ ጊዜ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንዱ ርቀት ነው፤ እሱን ማንም አይቀንስልዎትም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር መንገድ ወደ 5,300 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ገመዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊሰከንድ አይወርድም። ገመዱ ግን ቀጥ አይልም፤ እኛ ባሕር በር የለንም። ለምሳሌ በጅቡቲ የሚወጣው መስመር ቀይ ባሕርን ይዞ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ይገባል፤ በየመንገዱም መሣሪያዎች አሉ። ስለዚህ አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር ከ100 በላይ የሆነ ቁጥር ቢያዩ አይደንግጡ። ዋሽንግተን ላለ ቀጣሪ ከአዲስ አበባ ሆነው የሚሠሩ ከሆነማ ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርሃኑ ብቻ ከ115 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። ይህም ሆኖ በ150 እና በ200 ሚሊሰከንድ ደርሶ መልስ ሰው በደንብ ይነጋገራል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮም ኅብረት ለድምፅ ንግግር በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ያለውን መዘግየት ጥሩ ብሎ ይቀበላል።

ሁለተኛው ምንጭ ወረፋ ነው። ይህ የሚቀነስ ነው፤ ቀሪው ጽሑፌም ስለ እሱ ነው።

ራውተሩና ሞደሙ መስመሩ ሊያሳልፍ ከሚችለው በላይ ዳታ ሲመጣባቸው ትርፉን በማኅደረ ትውስታቸው ውስጥ ያሰልፉታል። አምራቾች ይህን ማቆያ በጣም ትልቅ አድርገው ይሠሩታል፤ ምንም ዳታ እንዳይጠፋ ብለው ነው። ውጤቱ ግን አንድ መስኮት ብቻ ያለውን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይመስላል። አንድ ማኅተም ብቻ የሚፈልግ ሰው አምስት መቶ ሰነድ ከተሸከመ ሰው ኋላ ይቆማል። መስኮቱ ሥራ አልፈታም፤ በሰዓት የሚያስተናግደው ሰነድም አልቀነሰም። የባለ አንድ ማኅተሙ ቀን ግን ተበላሽቷል። የእርስዎ ድምፅ በስብሰባ ላይ ባለ አንድ ማኅተሙ ነው። ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ2010 ከቤቱ ትልልቅ ፋይል ሲልክ መስመሩ እንዲህ ሲታነቅ አይቶ ምክንያቱን ተከታትሎ ደረሰበት፤ በሽታውም ስም አገኘ፣ መድኃኒትም ተፈለገለት።

አምስት ሰው የሚሠራበት የሒሳብ ቢሮ እንውሰድ። ዳውንሎዱ 20 ሜጋ፣ አፕሎዱ 4 ሜጋ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነው። 4 ሰዓት ላይ ጀርመን ካለ ደንበኛ ጋር ስብሰባ ይጀመራል፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ፊት ይቆማል፣ ሁለቱም ወገን «ይሰማል?» ማለት ይጀምራሉ። በዚያው ሰዓት የአንደኛዋ ሠራተኛ ስልክ ከቢሮው ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ያነሳቻቸውን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ወደ ጎግል ፎቶስ መጫን ጀምሯል። እሷ አላዘዘችውም፤ ስልኩ ራሱ ነው።

ስልኩ የ4 ሜጋውን አፕሎድ ይሞላል። ሞደሙ ግማሽ ሜጋባይት ማቆያ ቢኖረው እሱም ይሞላል። ግማሽ ሜጋባይት 4 ሜጋቢት ነው፤ በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ለመውጣት አንድ ሙሉ ሰከንድ ይፈጃል። ከዚህ በኋላ ከቢሮው የሚወጣ እያንዳንዱ ቁራጭ ድምፅ መንገዱን ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰከንድ ይሰለፋል። ያለ ጫና 90 ሚሊሰከንድ የነበረው ደርሶ መልስ 1,090 ይሆናል። በዚህ መዘግየት ውይይት አይካሄድም፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ብዙ ሰው የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያች ሰዓት ሌሎቹ ሠራተኞች ድረ ገጽ ሲከፍቱም ይንቀራፈፍባቸዋል፤ ዳውንሎዱ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ከላይ ያነሳነው ደረሰኝ ነው። ሰርቨሩ ቀጣዩን ቁራጭ የሚልከው ያለፈው መድረሱን የሚናገር ደረሰኝ ሲደርሰው ነው፤ ደረሰኙ የሚወጣው ደግሞ በአፕሎድ በኩል ነው። ስለዚህ እሱም ከሠርጉ ቪዲዮ ኋላ ተሰልፏል። አፕሎዱ ሲታነቅ ዳውንሎዱም አብሮ ይዘገያል። ቢሮው ዳውንሎዱ 50 ሜጋ የሆነ፣ አፕሎዱ ግን እዚያው የቀረ ፓኬጅ ቢገዛ ለዚህ ችግር የሚጨምርለት ነገር የለም። ከስብሰባው በኋላ፣ ስልኩ ጭኖ ሲጨርስ፣ የፍጥነት መለኪያ ቢከፍቱ ደግሞ ሙሉ 20 ሜጋ ያሳያል፤ አቅራቢውም «መስመሩ ጤነኛ ነው» ቢል እውነቱን ነው።

እንግዲህ እንለካ። በዊንዶውስ `cmd` ይክፈቱና `ipconfig` ብለው ይጻፉ፤ `Default Gateway` ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር የራውተርዎ አድራሻ ነው። `192.168.1.1` ከሆነ እነዚህን ሁለት ትእዛዞች አንድ በአንድ ያስኬዱ።

```
ping -n 30 192.168.1.1
ping -n 30 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው እርስዎና ራውተርዎ መካከል ያለውን ብቻ ይለካል። እዚህ ላይ `time=` ከሚለው ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች አብዛኞቹ ከ10 በታች መሆን አለባቸው። 80፣ 200፣ 15፣ 340 እያሉ የሚዘሉ ከሆነ፣ ወይም `Request timed out` የሚል ከመጣ፣ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም፤ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። ወፍራም የብሎኬት ግድግዳ ወይም በአንድ ሕንፃ ላይ የተደራረቡ የጎረቤት ዋይፋዮች ሊሆኑ ይችላሉ። ስብሰባ የሚያደርገውን ኮምፒውተር በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙት፤ ካልተቻለ 5 ጊጋኸርትዝ ወደሚለው ዋይፋይ ይውሰዱትና ወደ ራውተሩ ይቅረቡ። ይህን ሳያስተካክሉ የሚቀጥለውን መለካት ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ትእዛዝ እስከ ጎግል ሰርቨር ድረስ ያለውን ይለካል። መጀመሪያ ሌላ ሰው መስመሩን በማይጠቀምበት ሰዓት ያስኬዱት፤ አማካዩን ይጻፉ። ከዚያ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ጎግል ድራይቭ መጫን ይጀምሩና መጫኑ ሳያልቅ ያንኑ ትእዛዝ ይድገሙት። ያለ ጫና 90፣ በጫና 110 ከሆነ መስመርዎ ጤነኛ ነው። 90 የነበረው 500፣ 900፣ 1,100 ከሆነ ግን የወረፋ በሽታውን አግኝተውታል። ቀጥሎም ትልቅ ፋይል እያወረዱ በዳውንሎድ በኩል ይድገሙት። ትእዛዝ መጻፍ የማይወድ ሰው `fast.com` ከፍቶ `Show more info` የሚለውን ቢነካ `Unloaded` እና `Loaded` የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ያገኛል፤ ያለ ጫናና በጫና ማለታቸው ነው። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ነገሩ ያው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የፍጥነት መለኪያ ገጾች ብዙ ጊዜ የሚለኩት በጣም ቅርብ ካለ ሰርቨር ጋር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር 8 ሚሊሰከንድ ማየት ደስ ይላል፤ ስብሰባዎ ግን የሚሄደው ባሕር ማዶ ነው። ሰርቨር መምረጥ የሚቻልበት ገጽ ከሆነ ፍራንክፈርት ወይም ለንደን መርጠው ይድገሙት።

መድኃኒቱ መጀመሪያ ሲሰሙት የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ መስመሩን ትንሽ ቀንሶ መጠቀም ነው። ራውተርዎ 4 ሜጋ ከሆነው አፕሎድ 3.6 ብቻ እንዲልክ ካዘዙት የሞደሙ ማቆያ መቼም አይሞላም። ወረፋው ወደ ራውተርዎ ይዞራል። ራውተርዎ ደግሞ አሰላለፍ የሚያውቅ ከሆነ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ሰልፍ ይሰጥና ከየሰልፉ በተራ በተራ ያስተናግዳል። ባለ አምስት መቶ ሰነዱ ሥራውን ይጨርሳል፤ ባለ አንድ ማኅተሙም አይጉላላም። ይህን የሚሠሩት `fq_codel` እና `cake` የተባሉ ዘዴዎች ናቸው። የ`fq_codel` መሠረት ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 ያወጡት ሥራ ነው፤ `cake` ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በእኛው ምሳሌ አፕሎዱ ላይ 10 በመቶ እንሠዋለን፤ 1,090 የነበረው ወደ 100 አካባቢ ይመለሳል። ፎቶዎቹ ከበፊቱ ጥቂት ደቂቃ ዘግይተው ይጫናሉ እንጂ አይቀሩም።

ቢሮዎ ሚክሮቲክ ራውተር ካለውና ሶፍትዌሩ ከ7ኛው ትውልድ ከሆነ ሁለት መስመር ይበቃል። አድራሻውን በራስዎ ኔትወርክ አድራሻ ይተኩ። ከ`max-limit` ቀጥሎ መጀመሪያ አፕሎድ፣ ከዚያ ዳውንሎድ ነው።

```
/queue type add name=cake1 kind=cake
/queue simple add name=biro target=192.168.88.0/24 max-limit=3600k/18M queue=cake1/cake1
```

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚሰናከልበት ነገር አለ። በሚክሮቲክ ፋየርዎል ውስጥ `fasttrack` የሚባል ደንብ ከፋብሪካው በርቶ ይመጣል፤ እሱ ትራፊኩን ወረፋውን ሳያስነካ ያሳልፈዋል። ካላጠፉት የጻፉት ሁሉ ምንም አይሠራም። `OpenWrt` የተጫነበት ራውተር ያለው ደግሞ `luci-app-sqm` የሚለውን ጭኖ በ`SQM QoS` ገጽ ላይ `18000` እና `3600` ብሎ ሞልቶ `cake` ይምረጥ። ቁጥሮቹን የሚወስዱት ከውሉ ሳይሆን ራስዎ ከለኩት ነው። ውሉ 20 ብሎ መስመሩ በተጨባጭ 16 ከሰጠ የ16ቱን 90 በመቶ ይጻፉ፤ በ20ው ከሄዱ ወረፋው ተመልሶ ሞደሙ ውስጥ ይገባል። ካስተካከሉ በኋላ ያንኑ የጫና ልኬት ይድገሙት። ቁጥሩ አሁንም ከፍ ካለ 90ውን ወደ 85 ያውርዱት።

ራውተሩ ይህን የማይችል ተራ ራውተር ከሆነ የወረፋውን ባለቤት ከምንጩ መያዝ ይሻላል። በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የጎግል ድራይቭ ፕሮግራም በቅንብሩ ውስጥ የአፕሎድ ገደብ ይቀበላል። መለኪያው ግን ኪሎባይት እንጂ ኪሎቢት እንዳልሆነ ያስተውሉ፤ 200 ብለው ቢጽፉ 1.6 ሜጋ ማለት ነው፤ ለ4 ሜጋ መስመር ተስማሚ ነው። የስልኮች ፎቶ መጫኛ በሥራ ሰዓት እንዲቆም ከሠራተኞች ጋር መስማማት፣ የሒሳብ ፋይሎች ባካፕም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እንዲሄድ ማድረግ ሌላው መንገድ ነው። ሰውን መለመን ስለሚጠይቅ ከራውተሩ መፍትሔ ያነሰ ነው፤ ግን ዛሬውኑ ይሠራል።

ይህ ሁሉ የማይረዳበትም ሁኔታ አለ። በሲም ካርድ የሚሠራ የ4ጂ ራውተር ከሆነ ፍጥነቱ በየደቂቃው ይለዋወጣል። ጠዋት 15 የነበረው ከሰዓት 5 ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ቋሚ ገደብ አይገጥመውም። እዚያ ያለዎት አማራጭ በስብሰባ ሰዓት ትልልቅ ጭነቶችን ማቆምና ካሜራ መዝጋት ነው። መስመሩ ማንም ሳይጠቀምበትም ፒንጉ ከ90 ወደ 600 እየዘለለ ከሆነ ደግሞ ወረፋው ከቢሮዎ ውጭ፣ አቅራቢው ዘንድ ነው። የሠላሳውን ልኬት ውጤት በጠዋትና በምሽት ወስደው፣ ሰዓቱን ጽፈው፣ ከነምስሉ ያቅርቡላቸው። «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» ከሚል አቤቱታ ይልቅ ቴክኒሻኑ የሚሠራበት ነገር ያገኛል።

ሜጋ መግዛት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ጥራት ያለው የቪዲዮ ስብሰባ ለአንድ ሰው ከ1 እስከ 4 ሜጋ አፕሎድ ይወስዳል። አምስቱም ሠራተኞች በየፊናቸው ካሜራ ከፍተው የሚሰበሰቡ ከሆነ 4 ሜጋ አፕሎድ ምንም ዓይነት አሰላለፍ ቢሠሩለት አይበቃም። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣ ኤዲኤስኤል ላይ ያሉ ቢሮዎችም አፕሎዳቸው ብዙ ጊዜ 1 ሜጋ አካባቢ ነው፤ ለእነሱ ወደ ፋይበር መዛወር እውነተኛ ለውጥ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ አቅራቢው ሲሄዱ «ስንት ሜጋ ነው?» ብለው ብቻ አይመለሱ። «አፕሎዱ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱም በውሉ ላይ እንዲጻፍልዎ ያድርጉ፤ መስመሩ በገባ ቀንም ቴክኒሻኑ ከመሄዱ በፊት እዚያው በጫና ይለኩት።